የሳምንቱ ውጤት በሰባት ደቂቃ፦ ሳቁ ከየት ይምጣ?

ጥያቄ፦ «ሰላም። ከጎንደር ነን፣ ሁለት ጓደኛሞች። በየሳምንቱ ማክሰኞ የምንለቀው የእግር ኳስ ፖድካስት አለን። የቅዳሜና የእሁድ ውጤቶችን በቀልድ የምናቀርብበት የሰባት ደቂቃ ክፍል አለው። ውጤቱን እናነባለን፣ ከእያንዳንዱ በኋላ ቀልድ ጣል እናደርጋለን። እኛ እንስቃለን። አድማጩ ግን እዚያ ሲደርስ ዘሎ ያልፈዋል። ምኑ ላይ ነው ያበላሸነው? እንዴትስ ነው የሚጻፈው?»

መልስ፦

ችግሩ «ከእያንዳንዱ በኋላ» ያላችሁት ላይ ነው። አሥር ጨዋታ፣ አሥር ቀልድ። አድማጩ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ስልታችሁ ይገባዋል። ውጤት፣ ቀልድ፣ ውጤት፣ ቀልድ። ከዚያ በኋላ ቀልዱ ሳይመጣ መምጣቱን ያውቃል። መምጣቱ የታወቀ ቀልድ ደግሞ አያስቅም። ሰባቱን ደቂቃ ለአሥር ጨዋታ እኩል ብታካፍሉት ለአንዱ የሚደርሰው አርባ ሰከንድ ገደማ ነው። በአርባ ሰከንድ ውጤቱን፣ ጎል አግቢውንና አንዲት ተረብ ማጨቅ ይቻላል። ሰው እስኪስቅ ድረስ ነገሩን ማድረስ ግን አይቻልም።

እኔ ለሬዲዮ የስፖርት ዝግጅት ስጽፍ የምከፋፍለው እንዲህ ነው። ከሳምንቱ አንድ ታሪክ እመርጣለሁ። ለእሱ ከጊዜው ግማሹን እሰጠዋለሁ። ሁለት ወይም ሦስት ጨዋታዎች አጭር ቀልድ ያገኛሉ። የቀሩት ያለ ምንም ቀልድ በአንድ ትንፋሽ ይነበባሉ። ደረቅ ሆነው ማለፋቸው ጥፋት አይደለም። እንዲያውም ቀጥሎ ለሚመጣው ቀልድ ቦታ የሚያመቻቹት እነሱ ናቸው።

ከመምረጣችሁ በፊት ግን አድማጫችሁ ማክሰኞ ላይ ምን እንደሚያውቅ አስቡ። የእንግሊዙን ውጤት ያውቃል። ፒያሳ ወይም ማራኪ ዲኤስቲቪ ቤት ቁጭ ብሎ አይቶታል። ያላየውም በቴሌግራም ደርሶታል፤ የተሸነፈ ደጋፊ ከሆነማ ሳይፈልግ ደርሶታል። ስለዚህ «ማን ያሸነፈ ይመስላችኋል?» ብሎ ማጓጓት ጊዜ ማባከን ነው። እሱ ከእናንተ የሚፈልገው የሚያውቀውን ነገር ያላሰበበት ጎን ነው።

የኛ ሊግ ግን ተቃራኒው ነው። ፕሪሚየር ሊጉ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በተመረጡ ከተሞች እየተሰባሰበ ሲካሄድ ቆይቷል። የአንድ ሳምንት ጨዋታዎች በተለያዩ ቀናት ይበታተናሉ፣ በሥራ ቀን የሚደረጉም አሉ። ጎንደር ውስጥ የፋሲልን ውጤት የማያውቅ አይኖርም። የወላይታ ድቻንና የአዳማን ግን ከእናንተ ሊሰማ የሚችል ብዙ ሰው አለ። እዚያ ላይ ውጤቱ መጀመሪያ በግልጽ ይነገር፣ ቀልዱ ከኋላ ይከተል። ውጤቱን ቀልድ ውስጥ ከደበቃችሁት ሰውየው ሲስቅ ማን እንዳሸነፈ ያመልጠዋል፤ ወይም ማን እንዳሸነፈ ሲያሰላ ሳቁ ያመልጠዋል።

አሁን በተግባር እንየው። ብዙዎቻችሁ የምታስታውሱትን አንድ የሳምንት መጨረሻ ልውሰድ፦ መስከረም 23 እና 24 ቀን 2013 ዓ.ም.። ማንቸስተር ዩናይትድ ስድስት፣ ሊቨርፑል ሰባት የገባባቸው ጊዜ ነው።

መጀመሪያ ቀልድ አልጽፍም። ወረቀት ላይ ሰንጠረዥ እሠራለሁ። ማን ከማን፣ ስንት ለስንት፣ ጎሎቹ በስንተኛው ደቂቃ፣ ጨዋታው በኛ አቆጣጠር ስንት ሰዓት ላይ፣ በመጨረሻም አንድ ያልተለመደ ነገር። ቀልዱ የሚወጣው ሁልጊዜ ከመጨረሻዎቹ ሁለት ዓምዶች ነው። ውጤቱ ብቻውን አያስቅም። ሰባት ለሁለት ያስደነግጣል እንጂ አያስቅም።

የዚያ ሳምንት ወረቀቴ ይህን ይመስላል። ቅዳሜ ቼልሲ ክሪስታል ፓላስን 4 ለ 0፣ ኤቨርተን ብራይተንን 4 ለ 2፣ ኒውካስል በርንሌይን 3 ለ 1 አሸነፉ፤ ሊድስና ማንቸስተር ሲቲ 1 ለ 1 ወጡ። እሁድ ዌስትሃም ሌስተርን በሜዳው 3 ለ 0፣ ሳውዝሃምፕተን ዌስት ብሮምን 2 ለ 0፣ አርሰናል ሼፊልድ ዩናይትድን 2 ለ 1፣ ዎልቭስ ፉልሃምን 1 ለ 0 ረቱ። ከዚያ ቶተንሃም ዩናይትድን በኦልድትራፎርድ 6 ለ 1፣ አስቶን ቪላ ሊቨርፑልን 7 ለ 2።

ዋናው ታሪክ የቱ ይሁን? ሰው የሚቸኩለው ወደ ሰባቱ ነው። ትልቁ ቁጥር እሱ ነው፣ የተሸነፈውም የዓመቱ ሻምፒዮን ነው። እኔ ግን የሰዓት ዓምዱን አየሁት። የዩናይትድ ጨዋታ በኛ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ነበር። የሊቨርፑል ደግሞ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከሩብ። በመሃል ያለው ጊዜ ነው ታሪኩ። የማንቸስተር ደጋፊ የሚሸሸግበት ጠፍቶ አመሸ፤ ከዚያ ደግሞ ሲስቅበት የነበረው የሊቨርፑል ደጋፊ ተራው ደረሰ። ሁለቱም ጨዋታዎች እረፍት ላይ አራት ለአንድ ነበሩ። እንዲህ ዓይነት መገጣጠም ፈጥራችሁ ብትጽፉት ማንም አያምናችሁም። ወረቀቱ ላይ ግን ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል።

ስለዚህ ሁለቱን ጨዋታዎች አንድ ታሪክ አደርጋቸዋለሁ። የአንድ ደጋፊ ምሽት። ስክሪፕቱ ይኸው፤ ሀ ዋናው ተራኪ ነው፣ ለ ጓደኛው።

ሀ፦ እሁድ። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል። አንድ የማንቸስተር ደጋፊ ቤቱ ቁጭ ብሏል።

ለ፦ ተረጋግቶ?

ሀ፦ በጣም። በሁለተኛው ደቂቃ ፍጹም ቅጣት ምት። ብሩኖ። አንድ ለዜሮ።

ለ፦ በቃ ሻይ ይጣድ።

ሀ፦ ጣደ። ሻዩ ሳይፈላ ንዶምቤሌ። አንድ አቻ።

ለ፦ ሻዩስ?

ሀ፦ ሻዩ ሲፈላ ሶን። ሁለት ለአንድ ቶተንሃም። ገና ሰባተኛው ደቂቃ ነው።

ለ፦ ይቅዳው እንጂ።

ሀ፦ ሊቀዳ ሲል ማርሲያል በቀይ ወጣ። ቀዳ፣ ኬን። ስኳር ጨመረ፣ ሶን።

ለ፦ ማማሰሉን ይተወው።

ሀ፦ ተወው። እረፍት ላይ አራት ለአንድ። ሲያልቅ ስድስት ለአንድ። ሻዩ ቀዝቅዟል፣ ስልኩ ተዘግቷል።

ለ፦ የሊቨርፑል ደጋፊዎች እየደወሉለት ነዋ።

ሀ፦ ሁሉም። እስከ ሦስት ሰዓት ከሩብ።

ለ፦ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ምን ሆነ?

ሀ፦ አስቶን ቪላ ከሊቨርፑል። በአራተኛው ደቂቃ ዋትኪንስ።

ለ፦ አሁንም እየደወሉ ነው?

ሀ፦ ቀንሰዋል። በሃያ ሁለተኛው ዋትኪንስ። በሠላሳ ዘጠነኛው፣ ራሱ ዋትኪንስ። እረፍት ላይ አራት ለአንድ።

ለ፦ ስልኩ?

ሀ፦ ተከፈተ።

ለ፦ ሻዩ?

ሀ፦ መልሶ ጣደው። ሲፈላ ሰባት ለሁለት። ሊቨርፑል እንግዳ ሆኖ ሄዶ ሰባት አስተናገደ።

እዚህ ላይ ይቆማል። ቀጥሎ ወደ ሌላ ጨዋታ ነው የሚገባው። ማብራሪያ የለም፣ «ኧረ ጉድ ነው» የለም።

እንዴት እንደተሠራ ልንገራችሁ። በመጀመሪያ ሁሉንም የተሸከመው አንድ ዕቃ ነው፣ ሻዩ። መጀመሪያ ስጽፈው «ስልኩን ዘግቶ መብራት ሄዷል አለ» የሚል መስመር ነበረው። ለብቻው ስታነቡት ያስቃል፤ መብራት የሚሄድበት ሰው ሁሉ ይስቅበታል። ቆረጥኩት። መብራቱ ከገባ አድማጩ ሻዩንም መብራቱንም መከታተል ሊኖርበት ነው፣ መጨረሻ ላይ ሻዩ ተመልሶ ሲጣድ ጉልበት ያጣል። ስክሪፕት ላይ የሚያስቅ መስመር መቁረጥ ያማል፤ ግን በሰባት ደቂቃ ውስጥ ሁለት ዕቃ ይጋጫል።

ሁለተኛ፣ የጓደኛውን ሚና እዩ። ለ ቀልድ አይናገርም ማለት ይቻላል። ይጠይቃል። ጥያቄዎቹ አድማጩ በሆዱ የሚጠይቃቸው ናቸው። ብዙ ፖድካስቶች የሚበላሹት እዚህ ነው። ሁለቱም አስቂኙ ሰው መሆን ይፈልጋሉ፣ አንዱ ሲቀልድ ሌላው ይጨምርበታል፣ ቀልዱ በራሱ ላይ ይረግጣል። ከእናንተ አንዱ ጠያቂ ይሁን። በየሳምንቱ መቀያየር ትችላላችሁ፤ በአንድ ታሪክ ውስጥ ግን አትቀያየሩ።

ሦስተኛው ነገር እውነታው ነው። እያንዳንዱ የሀ መስመር ማለት ይቻላል ሊጣራ የሚችል ነገር ይዟል። ደቂቃው፣ ስሙ፣ ውጤቱ። ሻዩ የኔ ነው፣ የቀረው የጨዋታው ነው። የማንቸስተር ደጋፊ «ቀይ ካርዱን ለምን አልጠቀሳችሁም፣ ለአንድ ሰዓት በአሥር ሰው ነው የተጫወትነው» እንዳይላችሁ ቀይ ካርዱ ውስጡ አለ። በቦታውም አለ፦ ማርሲያል የወጣው በ28ኛው ደቂቃ ሲሆን ያኔ ውጤቱ ሁለት ለአንድ ነበር። አራቱ ጎሎች የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ቀይ ካርዱን ከሁለተኛው ጎል በፊት ብታስቀምጡት ቀልዱ አይጎዳም፤ ግን የተሸነፈ ደጋፊ ደቂቃ በደቂቃ ነው የሚያስታውሰው። አንዲት ስህተት ካገኘ በኋላ ሌላውን አይሰማችሁም።

የተዉኩትንም እዩ። ከቪላ ሰባት ጎሎች ውስጥ በስም የጠራሁት የዋትኪንስን ሦስቱን ብቻ ነው። ግሪሊሽ ሁለት አግብቷል፣ ማክጊንና ባርክሊም አንድ አንድ። ሳላህም ለሊቨርፑል ሁለት አግብቷል። አልቀረብኝም። ሰባት ስም በጆሮ ሲሰማ የስም ጥሪ ይሆናል። ያው ስም ሦስቴ ሲደጋገም ግን ራሱ ያስቃል፤ «ራሱ ዋትኪንስ» ላይ ድምፃችሁን ትንሽ ዝቅ ካደረጋችሁት ይበቃል። የመጀመሪያው ጎል የገባው አሊሰን ተጎድቶ በገባው በረኛ በአድሪያን የተሳሳተ ኳስ ነበር። እሱም ራሱን የቻለ ቀልድ ይወጣዋል። ያ ግን የበረኛው ታሪክ ነው፣ የኛ ደግሞ የደጋፊው ምሽት ነው።

የውጤት አነባበብ ላይም አንድ ሕግ ያዙ። ያሸነፈው ሁልጊዜ ቀድሞ ይጠራ፣ ትልቁም ቁጥር ይቅደም። «ዩናይትድ ከቶተንሃም 1 ለ 6» እና «ቪላ ከሊቨርፑል 7 ለ 2» ብላችሁ ካደባለቃችሁ፣ ዓይን ወረቀት ላይ ይለየዋል፣ ጆሮ ግን ይምታታበታል። ስክሪፕቱ ላይ ደግሞ ቁጥሩን በፊደል ጻፉት። «39ኛው» የሚለውን ስታዩ አፋችሁ ለአፍታ ይቆማል። «ሠላሳ ዘጠነኛው» ካላችሁ አይቆምም። ቀልድ ደግሞ የሚሞተው በዚያች አፍታ ነው።

አሁን ወደ አጫጭሮቹ። ከዚያ ሳምንት ሦስት መርጫለሁ። መጀመሪያ ዌስትሃም።

ሀ፦ ዌስትሃም ሌስተርን በሜዳው ሦስት ለዜሮ። አሰልጣኙ ዴቪድ ሞይስ በኮሮና ምክንያት ቤቱ ነው።

ለ፦ ባለፈው ሳምንትስ?

ሀ፦ ያኔም ቤቱ ነበር። ዎልቭስን አራት ለዜሮ።

ለ፦ አሁን ተሻለው?

ሀ፦ እየተሻለው ነው። ደጋፊው ግን አትቸኩል እያለው ነው።

ይህን ቀልድ ከመጻፌ በፊት የሰውየውን ጤንነት ነው ያየሁት። ሞይስ ራሱን አግልሎ ከቤቱ ቡድኑን ሲከታተል ነበር። ሆስፒታል ቢገባ ኖሮ መስመሩ ከስክሪፕቱ ይወጣ ነበር። ተጫዋች በቃሬዛ የወጣበት ጨዋታም እንደዚሁ ነው። የፈለገ ያህል አስቂኝ ነገር ቢኖርበት ጉዳቱ ምን እንደሆነ እስኪታወቅ ውጤቱን ብቻ አንብቡና እለፉ።

ቀጥሎ ኤቨርተን።

ሀ፦ ኤቨርተን ብራይተንን አራት ለሁለት። አራት ጨዋታ፣ አራት ድል፣ የሊጉ መሪ።

ለ፦ ኤቨርተን?

ሀ፦ ኤቨርተን። ሰንጠረዡን ገልብጬ አይደለም ያየሁት።

ከዚያ ደረቁ ንባብ ይመጣል፣ በአንድ ትንፋሽ። «ቼልሲ ፓላስን አራት ለዜሮ፣ ኒውካስል በርንሌይን ሦስት ለአንድ፣ ሳውዝሃምፕተን ዌስት ብሮምን ሁለት ለዜሮ፣ ዎልቭስ ፉልሃምን አንድ ለዜሮ አሸንፈዋል። ሊድስና ማንቸስተር ሲቲ አንድ አቻ ወጥተዋል።» ማሸነፉን አንዴ ብቻ፣ መጨረሻ ላይ ተናገሩት። በየጨዋታው «ረታ»፣ «ድል አደረገ»፣ «አንበረከከ» እያላችሁ ግስ ለመቀያየር አትድከሙ። እሱ የጋዜጣ ልማድ ነው፣ ለጆሮ ይከብዳል።

ከደረቁ ንባብ በኋላ አርሰናል ብቻውን ይቀራል። ሆን ብዬ ነው ለመጨረሻ ያስቀረሁት። አድማጫችሁ ውስጥ የአርሰናል ደጋፊ ብዙ ነው፣ ሌላው ሁሉ ሲጠራ «የኛስ?» እያለ ይጠብቃል።

ሀ፦ አርሰናል ሼፊልድ ዩናይትድን ሁለት ለአንድ።

ለ፦ የአርሰናል ደጋፊ ምን አለ?

ሀ፦ ምንም። እሁድ ማታ ከማንም ሳይጣላ ተኛ።

ከቼልሲ ጨዋታ አንድ ጥሩ ቀልድ ነበር፣ አልተጠቀምኩበትም። ቼልሲ ሁለት ፍጹም ቅጣት ምት አግኝቶ ሁለቱንም ጆርጂኒሆ አገባ። ሁለተኛውን ታሚ አብርሃም ልምታ ብሎ ቢከራከር አስፒሊኩዌታ ጎትቶ አራቀው። ይህን ስትጽፉ ብዕራችሁ የሚሄደው አስፒሊኩዌታን ወደማናገር ነው። «እንዲህ አለው» ብላችሁ ንግግር ትፈጥሩለታላችሁ። ተጠንቀቁ። ሰውየው ያላለውን በአፉ ማስገባት የሚቻለው ማንም የማያምነው ዓይነት ግነት ሲሆን ብቻ ነው። ሊል የሚችለው ዓይነት ነገር ከሆነ ግን አድማጩ እውነት አድርጎ ይወስደዋል። ቆርጦ ያጋራዋል፣ እናንተም ወሬ ፈጣሪ ትሆናላችሁ። በውጭ ተጫዋች ላይ ሲሆን ብዙ አይጎዳም። በአገራችን ሊግ ተጫዋች ላይ ሲሆን ግን ልጁ ራሱ ይሰማዋል።

ወደ ፋሲል እንምጣ። ጎንደር ተቀምጣችሁ ስለ ኢትዮጵያ ሊግ ስትቀልዱ ትልቁ ሀብታችሁ በራሳችሁ ቡድን ላይ መቀለድ መቻላችሁ ነው። 2013 ላይ ዋንጫ ያነሳ ቡድን ደጋፊ ስለ ቡድኑ ባዶ ለባዶ ሲያወራ ማንም አይቀየመውም። እንበልና ፋሲል ዜሮ ለዜሮ ወጣ።

ሀ፦ ፋሲል ዜሮ ለዜሮ።

ለ፦ ሙከራስ?

ሀ፦ አንድ። ተከላካያችን ለራሳችን በረኛ የመለሳት።

«ተከላካያችን»፣ «ለራሳችን በረኛ» የሚለውን ልብ በሉ። በራሱ ላይ የቀለደ ሰው ቀጥሎ ስለ ሌላው ቢቀልድ ይፈቀድለታል። ስለዚህ ፋሲል የተሸነፈ ጊዜ ከፋሲል ጀምሩ። ያሸነፈ ጊዜ ወደ መጨረሻ ውሰዱት፣ አሳጥሩትም። የአሸናፊ ደጋፊ ቀልድ ቶሎ ጉራ ይሆናል።

ስለ ሌሎቹ ቡድኖች ስትጽፉ አንድ መፈተኛ አለኝ። መስመሩን ጻፉና የክለቡን ስም በሌላ ክለብ ስም ቀይሩት። ቀልዱ ካልሠራ ከጨዋታው የመጣ ነው ማለት ነው፣ ምክንያቱም የያዘው የዚያን ጨዋታ ነገር ነው። እሱ ይቆይ። ስሙ ተቀይሮም ከሠራ ተራ ነው፣ በየትኛውም ሳምንት ስለየትኛውም ቡድን ሊባል ይችላል። ሦስተኛ ዓይነት አለ፦ ስሙን ስትቀይሩት የማይሠራው ስለ ጨዋታው ሳይሆን ስለዚያ ከተማ ሕዝብ፣ ስለ አነጋገሩ ወይም ስለ ብሔሩ ስለሆነ ነው። እሱ ይቆረጥ፣ ያለ ክርክር። በኛ አገር የሜዳ ተረብ ወደ ጠብ የተለወጠባቸውን ጊዜያት ሁላችንም እናውቃለን። ከባሕር ዳር ከነማ ጋር ስትጫወቱ ስለ ተከላካዩ አቋቋም የፈለጋችሁትን በሉ። የተከላካዩን የትውልድ አገር ግን ለእሱ ተዉለት።

ሌላው የሚያስቸግራችሁ ቅጽል ስም ነው። ዐፄዎቹ፣ የጣና ሞገዶቹ፣ ፈረሰኞቹ። ፈረሱ ደከመ፣ ሞገዱ ጸጥ አለ፣ ዘውዱ ወደቀ። እነዚህን ፌስቡክ ላይ ፎቶ የሚሠራ ሁሉ ጨርሷቸዋል። ቅጽል ስሙን እንደ ስም ተጠቀሙበት፤ ቀልድ አታውጡበት። አንዴ ከጀመራችሁት በየሳምንቱ ያው ነው የሚመጣላችሁ።

ስለ ርዝመት ጥቂት ልበል። በአማርኛ ስናወራ በደቂቃ መቶ ቃል ገደማ ነው የምንሄደው፣ የሚፈጥንም የሚዘገይም አለ። ሰባት ደቂቃ ሰባት መቶ ቃል ነው ማለት ነው። ስድስት መቶ እንኳ አትጻፉ። የቀረው ለዝምታና ለሳቅ ነው። ከጻፋችሁ በኋላ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት፣ በስልክ ሰዓት ያዙ። በዓይን ያነበባችሁት ሁልጊዜ አጭር ይመስላል። ሲረዝም መጀመሪያ የሚቆረጠው ከቀልዱ በፊት ያለ መግቢያ ነው፦ «እስኪ ደግሞ ወደ ሌላው ጨዋታ እንሂድ»፣ «ይሄኛውን ስሙት፣ በጣም አስቂኝ ነው»። ሁለተኛው በተለይ መርዝ ነው። ያስቃል ተብሎ የተነገረው ሰው ለመሳቅ ሳይሆን ለመፍረድ ይዘጋጃል።

«እኛ እንስቃለን» ብላችኋል። አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም። ተናጋሪው ቀድሞ ሲስቅ የመጨረሻው ቃል ይዋጣል፤ ቀልዱ ያለው ደግሞ እዚያ ቃል ላይ ነው። ሀ አይሳቅ። ለ ቢስቅ ግን ጥሩ ነው፣ እውነተኛ ሳቅ ከሆነ። ችግሩ ሁለታችሁም ስክሪፕቱን ሦስቴ ካነበባችሁት በኋላ የ«ለ» ሳቅ የውሸት ይሆናል፣ አድማጩም ወዲያው ይለየዋል። እኔ የማደርገው ለ ከሚይዘው ወረቀት ላይ ሁለት ቦታ ባዶ መተው ነው። የእሱ ጥያቄዎች ሁሉ ተጽፈዋል፣ የሀ መልስ ግን ሁለት ቦታ ላይ የለም። «መልሶ ጣደው» የሚለውን «ለ» መጀመሪያ የሚሰማው ማይክ ፊት ሆኖ ይሁን። ከሳቀ ሳቀ። ካልሳቀ ደግሞ መስመሩ ደካማ ነው ማለት ነው፣ እናንተም ሳትለቁት አወቃችሁ።

የሳቅ ድምፅ፣ ከበሮ፣ የበግ ድምፅ የምትጨምሩ ከሆነ ተዉት። ብዙ አልልበትም።

የሚቀረው የሰኞ ማታ ጨዋታ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ሰኞ ማታ የሚደረግ ጨዋታ በኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ይጀምራል፣ በክረምታቸው ደግሞ 5 ሰዓት ላይ። ማክሰኞ ጠዋት ለመልቀቅ ሰኞ ማታ ከቀረጻችሁ ውጤቱን አታውቁም። ብዙዎች «ይህን ስንቀርጽ ጨዋታው ገና ነው» ይላሉ፤ አድማጩ ሲሰማው ጨዋታው አልቋል፣ ዝግጅቱም የቆየ ይመስላል። ለዚያ ጨዋታ ሦስት መስመር ጻፉ፦ አንዱ ባለሜዳው ቢያሸንፍ፣ አንዱ ቢሸነፍ፣ አንዱ አቻ ቢወጣ። ሦስቱንም በዚያው ማይክ፣ በዚያው ክፍል፣ በዚያው ድምፅ ቅረጹ። የጎሉን ቁጥር አትጥሩ፣ «አሸነፈ» ብቻ በሉ። ጨዋታው ሲያልቅ ልክ የሆነውን አስገቡ፣ ሁለቱን ጣሉ። ስድስት ለአንድ ካለቀ ግን ከእንቅልፍ ተነሥታችሁ እንደገና መቅረጽ አለባችሁ።